ተምኔል ፕሮምፕት፦ የተገረመ ፊት፣ ደማቅ ባክግራውንድ፣ ለርዕስ ባዶ ቦታ፤ ባዶው ቦታ ላይ ፊደል እየሞላብኝ ተቸገርኩ

ታቦር_ሥር
ሰላም ጓዶች፣ ከሐዋሳ ነኝ። አሞራ ገደል ሄደን ጥሬ አሳ በአዋዜ የበላንበትን ቪዲዮ ጨርሼ ኤዲት አድርጌ ተምኔሉ ላይ ቆሜያለሁ። የምፈልገው ቀላል ነገር ነው፣ በአንድ በኩል የተገረመ ልጅ ፊት፣ ከኋላው ደማቅ ባክግራውንድ፣ በሌላው በኩል ደግሞ እኔ ራሴ በአማርኛ «ጥሬ አሳ በላሁ» ብዬ የምጽፍበት ባዶ ቦታ። የኤአይ ምስል መስሪያው ላይ የምጽፈው ይሄን ነው፦

```
YouTube thumbnail, shocked Ethiopian man, bold colorful background, empty space for title text, no text
```

የሚሰጠኝ ግን ልጁ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዙሪያውን ቀይ ቀስት ምናምን ተደርድሮ፣ ባዶ ይሁን ባልኩት ቦታ ላይ እንግሊዝኛም አማርኛም ያልሆነ ፊደል ተሞልቶ ነው። ሲገርመኝ ደግሞ ጽሁፍ አታድርግ ብዬ እየጻፍኩለት ነው የሚጽፈው! አንዳንዱ ላይ ልጁ ጋቢ ለብሶ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ደግሞ የተገረመ ሳይሆን ጅብ ያየ ነው የሚመስለው። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ፕሮምፕቱን ያስተካክልልኝ

ጆሲ_አዳማ
ብሮ ቀላል ነው፣ no text የሚለውን ቅንፍ ውስጥ አስገባና ደጋግመው፣ ሶስት ቅንፍ አድርግለት ያኔ ያጠብቀዋል። እኔ አዳማ ለጓደኞቼ ብዙ ተምኔል ሰርቻለሁ ቅንፍ ሁሌ ይሰራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ 1280x720 እና 4K ብለህ ጻፍበት በትክክለኛው ሳይዝ እንዲያወጣልህ

ደረጀ_ባጃጅ
እኔ እንኳን ርዕሱን ብትቀይረው ይሻልሃል ባይ ነኝ፣ «ጥሬ አሳ በላሁ» ከምትል «ሐዋሳ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን» ብትል ሰው ይገባል። ቪዲዮው ስንት ደቂቃ ነው ለመሆኑ

ታቦር_ሥር
ደረጀ አመሰግናለሁ፣ ርዕሱን ግን ወስኛለሁ፣ ያስቸገረኝ ምስሉ ነው። ጆሲ ቅንፉን አሁን ሞከርኩት ጭራሽ ባሰበት፣ ፊደሉ ከልጁ ፊት በልጦ ወጣ

ባነር_ቤት
ሰላም ልጆች። እዚሁ ሐዋሳ የባነርና የስቲከር ህትመት ላይ ረጅም ጊዜ የሰራሁ ነኝ፣ አሁን በኤአይ ምስልም እሰራለሁ።

ታቦር፣ መጀመሪያ ፊደሉ ለምን እንደሚመጣብህ ልንገርህ፣ ምክንያቱ ከገባህ ሌላውን ራስህ ታስተካክለዋለህ። እነዚህ ሞዴሎች የተማሩት ከምስልና ከምስሉ ጋር ከተጻፈ መግለጫ ነው። ተምኔል የሚል መግለጫ የነበራቸው ምስሎች ላይ ትልልቅ ፊደል፣ ቀይ ቀስት፣ ክብ ምናምን ነበረ፣ ስለዚህ አንተ YouTube thumbnail ስትል ያንን ሁሉ አብረህ እየጠራህ ነው። title text ስትል ደግሞ በቀጥታ ፊደልን ስሙን ጠራኸው። no text ያልከውም ውስጥ text የሚለው ቃል አለ፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች no የምትለዋን በደንብ አይዙም፣ የሚይዙት ቀጥሎ ያለውን ቃል ነው። ጆሲ ያለው ቅንፍ ስቴብል ዲፊውዥን ላይ አንድን ቃል ማጠንከሪያ ነው፣ እውነት ነው ያጠብቃል፣ ግን የሚያጠብቀው ጽሁፉን ነው። ለዚህ ነው የባሰበት።

እንዳይኖር የምትፈልገውን ነገር የምትጽፍበት ቦታ ሌላ ነው። ስቴብል ዲፊውዥን ላይ ኔጋቲቭ ፕሮምፕት የሚባል ለብቻው ሳጥን አለ፣ እዛ ውስጥ no ሳትል text, letters, watermark ብለህ ታስገባለህ። ሚድጆርኒ ላይ መጨረሻ ላይ --no text ትላለህ። አንተ የምትጠቀመው አፕ እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለው ደግሞ ጽሁፍ የሚለውን ነገር ጨርሰህ አታንሳ፣ በቃ አታንሳው።

ሁለተኛው ነገር ባዶ ቦታ የምትለው ነው። ባዶ ማለት ለሞዴሉ የሚታይ ነገር አይደለም፣ ሊስለው አይችልም። የሚታይ ነገር አድርገህ ንገረው፣ ምንም የሌለበት ቢጫ ግድግዳ፣ ከግራ በኩል ከምስሉ ሁለት ሶስተኛውን የሸፈነ ብለህ። ያኔ የሚስለው ነገር አገኘ ማለት ነው፣ ያ ግድግዳ ነው ላንተ ባዶ ቦታ የሚሆንህ። bold colorful ስትለው ደግሞ ቀለም ሁሉ የፈነዳበት ነገር ነው የሚያመጣልህ፣ እዛ ላይ ርዕስ ብትጽፍ አይነበብም። አንድ ቀለም ብቻ ጥራለት። ደማቅ የሚያደርገው አንድ ቀለም በሰፊው ሲሸፍን ነው፣ ብዙ ቀለም ሲሆን አይደለም።

ሜሪ_ቅመም
ጋሼ ይሄን ስላነበብኩ ደስ ብሎኛል፣ እኔም የምግብ ቻናል አለችኝ። የኔ ችግር ግን ሌላ ነው፣ ፊደሉ ሳይሆን ፊቱ። ስለ ሽሮ አሰራር ቪዲዮ ሰርቼ ተምኔሉ ላይ በኤአይ የተሰራች ሴት አደረግኩ፣ ቆንጆ ነበረች፣ ግን ኮሜንት ላይ «ይቺ ማናት፣ አንቺ የታለሽ» የሚል በዛብኝ። ከዛ በኋላ የራሴን ፎቶ ብቻ ነው የማደርገው። ታቦር አንተም ቪዲዮው ላይ ያለኸው አንተ ከሆንክ ለምን የሌላ ሰው ፊት ታደርጋለህ? ሰው እኮ ያንን ልጅ ሊያይ ገብቶ ሌላ ሰው ሲያገኝ ይወጣል

ታቦር_ሥር
እህቴ ልክ ነሽ፣ እኔ ግን ቪዲዮው ላይ ፊቴ ብዙ አይታይም፣ ካሜራ የምይዘው እኔ ነኝ፣ በላተኞቹ ደግሞ ፊታቸው ተምኔል ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም። ለዛ ነው።

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ፊቱስ ምን ብዬ ልጻፍ? ፈርቶ እንጂ ተገርሞ አይመጣም

ባነር_ቤት
shocked የሚለው ቃል ሰፊ ነው፣ ከአስፈሪ ፊልም ፊት ጀምሮ የሚያለቅስ ሰው ድረስ ያመጣልሃል። ስሜቱን በስም ከመጥራት ፊቱ ላይ የሚሆነውን ንገረው። ሰው ሲገረም ቅንድቡ ወደ ላይ ይነሳል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ አገጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ አፉ ሳይወጠር ይከፈታል። ሲፈራ ግን ቅንድቡ ወደ መሀል ይጠጋል፣ ከንፈሩ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ አንተ ጅብ ያየ ይመስላል ያልከው እሱ ነው። ስለዚህ eyebrows raised, eyes wide open, jaw dropped ብለህ ጻፈው። አፉ በጣም ከተከፈተ ጥርሱ ላይ ስህተት ይበዛል፣ ድርብ ጥርስ ምናምን፣ በደንብ አጉልተህ እየው። እጁን ጉንጩ ላይ አድርግ አትበለው፣ ጣት ላይ አሁንም የሚሳሳቱ ሞዴሎች አሉ። ከትከሻ በላይ ብቻ ካልከው እጁ ከፍሬም ውጪ ስለሚቀር ገላገለህ።

ጋቢ የመጣብህ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ብለህ ስለተውከው ነው። አገር ብቻ ስትጠራ ሞዴሉ የቱሪስት ፎቶ ላይ ያየውን አለባበስና መልክዓ ምድር ያለብሰዋል። ዕድሜውን፣ ጸጉሩን፣ ልብሱን ግልጽ አድርገህ ተናገር፣ የኛ ሰው ዛሬ መንገድ ላይ የሚለብሰውን።

እንዲህ አድርገህ ሞክረው፦

```
Head and shoulders photo of a 25 year old Ethiopian man, short hair, plain navy T-shirt, standing in the right third of the frame. Eyebrows raised, eyes wide open, jaw dropped, looking toward the left. Behind him a bare, smooth, solid yellow wall that fills the left two thirds. Soft light, wide 16:9 image.
```

ቢጫ ያልኩህ ዝም ብዬ አይደለም። ብርቱካናማና ቡናማ ባክግራውንድ ከኛ ቆዳ ቀለም ጋር ይቀራረባል፣ ምስሉ ሲያንስ ፊቱ ግድግዳው ውስጥ ይጠፋል። ቢጫ ከቆዳችን በብርሃኑ በደንብ ይለያል፣ ላዩ ላይ ጥቁር ፊደል ብትጽፍበት ደግሞ ያለ ምንም ጌጥ ከሩቅ ይነበባል። ይሄን ከባነር ሥራ ነው የማውቀው

ጆሲ_አዳማ
ጋሼ ቅንፉ ላይ እሺ፣ ኔጋቲቭ ሳጥን ውስጥ ሳስገባ ስለነበር ነው ይሰራልኝ የነበረው፣ ታቦር ግን ያ ሳጥን የለውም ማለት ነው። 1280x720 ያልኩት ግን ልክ ነኝ አይደል? ሰው ሁሉ እኮ የሚጠቀመው እሱን ነው

ባነር_ቤት
1280 በ720 ለዩቲዩብ ተምኔል የተለመደ መጠን ነው፣ እሱ ልክ ነህ። ግን ፕሮምፕት ውስጥ ቁጥሩን መጻፍ በአብዛኛው የፋይሉን መጠን አይቀይረውም፣ 4K ማለትም እንደዛው፣ ጥራት ያለው ፎቶ እንዲመስል ነው የሚያደርገው እንጂ ፒክስል አይጨምርም። መጠኑን ከሴቲንጉ ነው የምትመርጠው፣ ሚድጆርኒ ላይ ደግሞ --ar 16:9 ትላለህ

ጆሲ_አዳማ
እሺ ይሄን ልጨምር ታዲያ። የስቴብል ዲፊውዥኑን ኤስዲኤክስኤል የምትጠቀሙ 16:9 ን በልኩ አይሰጣችሁም፣ የተለመደው ሰፊ መጠን 1344 በ768 ነው። ከላይ 6 ፒክስል ከታች 6 ፒክስል ቁረጡና 1344 በ756 ይሆናል፣ እሱን ወደ 1280 በ720 ስታሳንሱት ምንም አይለጠጥም፣ ልክክ ነው የሚለው። ሳይቆርጡ በግድ የሚጨምቁት ሰዎች ፊቱ ትንሽ ወደ ጎን ይሰፋባቸዋል

ባነር_ቤት
ጎበዝ፣ ይሄ ትክክል ነው

ታቦር_ሥር
ጋሼ ሰራ! ፊደል አንድም የለም፣ ጋቢም የለም፣ ፊቱም በትክክል የተገረመ ነው። ግን ሁለት ነገር ቀረኝ። ልጁ ወደ ቀኝ አልሄደም፣ ከመሀል ትንሽ ነው የራቀው፣ ባዶው ቦታ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ደጋግሜ ባወጣውም አንዳንዴ ይሄዳል አንዳንዴ አይሄድም። ሁለተኛ ግድግዳው ላይ ከጎኑ ጥላ አለ

የሐይቅ_ዳር
ለምን ትደክማለህ ወንድሜ፣ ልጁን ብቻ ነጭ ባክግራውንድ ላይ አውጣውና ባክግራውንዱን አጥፍተህ ካንቫ ላይ ቢጫ ላይ ለጥፈው፣ ባዶ ቦታውን እዛው በፈለግከው ልክ ታደርጋለህ። ፕሮምፕት ላይ ባዶ ቦታ መለመን ጊዜ ማባከን ነው

ባነር_ቤት
የሐይቅ ዳር ያልከው በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ እንደዛው ነው የማደርገው፣ ነጩን ግን ተወው። ነጭ ላይ ያወጣኸውን ሰው ስትቆርጠው ጸጉሩ ጫፍ ላይ ነጭ ክር ክር ይቀርበታል። የኛ ጸጉር ከርዳዳ ስለሆነ በየክሩ መሀል ባክግራውንዱ ይታያል፣ ማጥፊያው ያንን ሁሉ አያጸዳውም፣ ቢጫ ላይ ስትለጥፈው ራሱ ዙሪያ ነጭ ጭጋግ የያዘ ይመስላል። ትከሻው ላይ ያረፈው ብርሃንም ነጭ ግድግዳ የመለሰው ብርሃን ነው፣ ከቢጫው ጋር አይሄድም፣ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም የተለጠፈ መሆኑ ይታወቀዋል።

መጨረሻ ላይ በምትጠቀምበት ቀለም ላይ አውጣው። ቢጫ ላይ አውጥተህ ቢጫ ላይ ብትለጥፈው በጸጉሩ መሀል የቀረው ቀለም ችግር አይሆንም፣ ጉንጩና አንገቱ ላይም ትንሽ የቢጫ ነጸብራቅ ስለሚኖር እዛው ያለ ይመስላል። ስለዚህ ታቦር ያወጣኸውን ያንኑ ምስል አትጣለው። 1280 በ720 ባዶ ገጽ ክፈት፣ ቀለም በምትቀዳዋ መሳሪያ ከግድግዳው ላይ ጥላ ከሌለበት ቦታ ቢጫውን ቅዳና ገጹን ሙላው። ከዛ የልጁን ባክግራውንድ አጥፍተህ ወደ ቀኝ ግፋው፣ አጉላው፣ ትከሻው ከፍሬሙ ትንሽ ቢወጣም ምንም አይደል። ግድግዳውን ሳታጠፋ ምስሉን እንዳለ ከለጠፍከው ግን መጋጠሚያው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይታይሃል፣ ምክንያቱም ሞዴሉ የሚስለው ግድግዳ በአንድ በኩል ደመቅ በሌላው በኩል ጨለም ያለ ነው

ሜሪ_ቅመም
ጋሼ የራሴን ፎቶ ስጠቀምም እንዲህ ይሆናል ማለት ነው? ጸጉሬ ዙሪያ ሁሌ የሚያስቀይመኝ ነጭ ነገር አለ፣ ቤት ውስጥ ነጭ ግድግዳ ስር ነው የምነሳው

ባነር_ቤት
አዎ ልጄ፣ እሱ ነው። ከኋላሽ ቢጫ ነጠላ ጨርቅ ወይ አንሶላ ስቀዪ፣ ከጨርቁ አንድ ሜትር ያህል ራቅ በዪ ጥላሽ እንዳያርፍበት፣ በመስኮት ብርሃን ተነሺ። የራስ ፊት ያለው ሰው እንደዛ ቢያደርግ ነው የሚሻለው፣ ባንቺ ሀሳብ እስማማለሁ

የሐይቅ_ዳር
እኔ አልስማማም። ፊቱ የማይታይ ቻናል ብዙ አለ፣ የኤአይ ፊት ምን ችግር አለው። ሜሪ የደረሰብሽ አንቺ ቪዲዮው ላይ ስላለሽ ነው

ሜሪ_ቅመም
የታቦር ቪዲዮ ላይ እኮ የሚበሉ ሰዎች አሉ። ተመልካች ያ የተገረመው ልጅ ከበላተኞቹ አንዱ ነው ብሎ ነው የሚገባው፣ ቪዲዮው ውስጥ ግን የለም። የሌለ ሰው ደንግጦ ማሳየት ለኔ ልክ አይመስለኝም

ደረጀ_ባጃጅ
ይቅርታ ኤአይ ተምኔል ከተጠቀምን ዩቲዩብ ላይ «በኤአይ የተሰራ» የሚለውን ምልክት ማድረግ አለብን እንዴ? ደግሞ የኔ ስልክ ላይ ተምኔል መቀየሪያው አይከፈትም

ጆሲ_አዳማ
ደረጀ ምልክቱ ቪዲዮው ውስጥ እውነት የሚመስል ነገር በኤአይ ከሰራህ ነው፣ ለተምኔል ብቻ ከሆነ አያስፈልግም፣ ዩቲዩብ ራሱ የእገዛ ገጹ ላይ ከማይገደዱት ነገሮች ጋር ጽፎታል። ቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ተምኔል ላይ አድርጎ ማታለል ግን በሌላ ህግ ያስጠይቃል። መቀየሪያው የማይከፈትልህ ቻናልህን በስልክ ቁጥር ቬሪፋይ ስላላደረግክ ይሆናል፣ እሱን ጨርስና ይከፈታል

ታቦር_ሥር
ጋሼ እንዳሉኝ አደረግኩት፣ ቢጫውን ቀድቼ ልጁን ወደ ቀኝ ገፋሁት፣ አሁን ግራው በሙሉ የኔ ነው። ጸጉሩ ዙሪያ ምንም አይታይም፣ ሳየው ማመን አቃተኝ። «ጥሬ አሳ በላሁ» ብዬ በጥቁር ጻፍኩበት፣ እንዲጎላ ብዬ ነጭ ወፍራም አውትላይን አደረግኩለት። ስልኬ ላይ በትንሹ ሳየው ግን አሳ የሚለው ደህና ሆኖ «ጥሬ» የምትለዋ ምን እንደሆነች አትለይም

ባነር_ቤት
አውትላይኑን አንሳው። የኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትናንሾቹ ቅጥያዎች ላይ ነው፣ የ«ሬ» ቀለበት፣ የ«ሁ» ጎን ላይ ያለችው ጭረት። ወፍራም አውትላይን ቀለበቱን ከውስጥ ይደፍነዋል፣ ያኔ ሬ ይሁን ሪ ይሁን ማንም አይለየውም። እንግሊዝኛ ላይ የሚያምር ጌጥ ሁሉ ለኛ አይሆንም። ጥቁር በቢጫ ላይ ራሱ በቂ ነው። ፎንቱም የተጌጠ አይሁን፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወፍራሙን ተጠቀም፣ በጣም ወፍራም የሆነው ቀለበቱን ሲያጠብብህ ካየህ አንድ ደረጃ ቀጠን አድርገው። በሁለት መስመር ክፈለው፣ «ጥሬ አሳ» ከላይ «በላሁ» ከታች፣ ያኔ ፊደሉን በደንብ ታሳድገዋለህ።

ወደ ግራ አድርገው ያልኩህም ለዚህ ነው፣ ከታች በቀኝ ጥግ ዩቲዩብ የቪዲዮውን ርዝመት ይለጥፍበታል። ርዕሱ ቀኝ ቢሆን ኖሮ የ«በላሁ» መጨረሻ ይሸፈን ነበር፣ አሁን የሚሸፈነው የልጁ ቲሸርት ነው

የሐይቅ_ዳር
አሳውስ? ተምኔሉ ላይ አሳ የለም እኮ። ፕሮምፕቱ ላይ አሳ ጨምርበት

ታቦር_ሥር
ጨምሬ ነበር፣ ቀይ ሥጋ ያለው የፈረንጅ ሳልሞን ነው የሚያመጣው። tilapia ስለው ደግሞ ሎሚ የተጨመቀበት የሆቴል ሳህን ላይ ጥብስ አድርጎ አመጣው

ሜሪ_ቅመም
አሳውን በኤአይ አታድርገው በናትህ! የሐዋሳ ሰው ቆሮሶውን ያውቀዋል፣ ከአምባዛ ይለየዋል፣ ሳልሞን አይቶ ስቆ ነው የሚያልፍህ። ቪዲዮህ ውስጥ እውነተኛው አሳ ከአዋዜው ጋር አለ፣ ከዛ ላይ አንድ ጥሩ ፍሬም ቁረጥና ከርዕሱ ስር አስገባው

ባነር_ቤት
ሜሪ ልክ ናት። ግን አንድ ነገር፣ ከርዕሱ ስር ትንሽ አድርገህ አታስገባው፣ ሲያንስ አይታይም። ወይ ርዕሱን «ጥሬ?» ብለህ አሳጥረህ ለአሳው ሰፊ ቦታ ስጠው፣ ወይ አሳውን ተወው። የልጁ ዓይን ወደ ግራ ስለሚያይ ተመልካቹም ወደዛ ነው የሚያየው፣ እዛ ያለው ነገር አንድ ቢሆን ይመረጣል

ጆሲ_አዳማ
ጋሼ ዓይኑ ወደ ካሜራው ቢሆን አይሻልም? እኔ የማያቸው ትልልቅ ቻናሎች ቀጥታ ወደ ተመልካቹ ነው የሚያዩት

ባነር_ቤት
ሁለቱም ይሰራል ጆሲ። የሚታይ ነገር ጎኑ ላይ ካለ ወደሱ ያይ እላለሁ፣ ፊቱ ብቻውን ከሆነ ወደ ካሜራ። ለዚህ ቪዲዮ የቱ እንደሚሻል በግምት መናገር አልፈልግም

ጆሲ_አዳማ
ታዲያ ሁለቱንም አውጥቶ ይሞክረው። በኮምፒውተር ስቱዲዮ ውስጥ እስከ ሶስት ተምኔል አስገብቶ ማወዳደር የሚቻልበት ነገር አለ፣ ዩቲዩብ ራሱ ለተለያየ ሰው እያሳየ ይለካዋል። የሚያሸንፈው ብዙ ክሊክ ያመጣው ሳይሆን ብዙ የታየበት ሰዓት ያመጣው ነው፣ ስለዚህ የሜሪም ጥያቄ እዛ ላይ ይታያል፣ በሌለ ልጅ ፊት የገባው ሰው ቶሎ ከወጣ ቁጥሩ ይናገራል

ሜሪ_ቅመም
ቁጥሩ ቢያሸንፍም እኔ ሀሳቤን አልቀይርም 🙂 ግን ይሞክረው

ታቦር_ሥር
እሺ ሶስት አደርጋለሁ። አንዱ ልጁ ወደ ግራ እያየ «ጥሬ?» ከቆሮሶው ፍሬም ጋር፣ አንዱ ልጁ ወደ ካሜራ እያየ ርዕሱ ሙሉ፣ ሶስተኛው ያለ ምንም ፊት አሳውና አዋዜው ብቻ በቢጫ ላይ። ለሁለተኛው looking toward the left የሚለውን looking into the camera ብዬ ብቻ ነው የምቀይረው አይደል ጋሼ?

ባነር_ቤት
አዎ፣ ሌላውን እንዳለ ተወው። ልጁ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣብሃል፣ ፕሮምፕቱ አንድ ቢሆንም ፊቱ በየጊዜው ይለያያል። አፕህ ምስል አስገብቶ ማስተካከል ከቻለ ያንኑ የመጀመሪያውን ስጠውና ዓይኑን ብቻ አስቀይረው፣ ካልሆነም ሌላ ሰው ይሁን፣ ውድድሩ ላይ ግን ልዩነቱ ከዓይኑ ይሁን ከሰውየው አታውቅም

ታቦር_ሥር
ይችላል ማስተካከል። አሁን እሞክረዋለሁ